የበቅሎዋ ማመልከቻ

ጣሊያን ደብረ ታቦርን በያዘበት ዘመን እኔና አንድ ባልደረባዬ ከጣሊያኑ ሹም መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ከዋንዛው ሥር ተቀምጠን ማመልከቻ እንጽፍ ነበር። ባለጉዳዩ የሚለውን በረቂቅ የምይዘው እኔ ነኝ። ረቂቁን ለሹም ጆሮ እንዲጥም አሳምሮ የሚገለብጠው እሱ ነው። ከዚያ ግልባጩን ከረቂቁ ጋር የማመሳክረው መልሼ እኔ ነኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ካነበብኩለት በኋላ ባለጉዳዩ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፍበታል።

እውነቱን ልናገርና፣ እቀናበት ነበር። ቅኔ ቤት የከረመ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ነው፤ ጽሕፈቱ ያምራል፣ ቃሉ ይጥማል። ባለጉዳይ ከአንበሳሜ ድረስ ይመጣና እኔን አልፎ «ያ ጽሕፈቱ የሚያምረው የታለ?» ይላል። የገዛ ሚስቴ እንኳ አንድ ቀን «የሱ ማመልከቻ እኮ ያስለቅሳል» አለችኝ። ያን ዕለት እራቴን ትቼ ተነሣሁ። ከዚያ ወዲህ ማመሳከር ማለት ለእኔ የሱን ስሕተት ማደን ሆነ።

አንድ ጠዋት አንዲት ሴት ከገሳይ በኩል መጣች። በቅሏቸው ከመስክ ጠፍታ ከአርበኞች ጋር በመታየቷ ባሏን «አንተ ነህ የሰጠሃቸው» ብለው አስረውታል። ከሱ በፊት በዚሁ ነገር የተያዘ ጎረቤታቸው ወዴት እንደተወሰደ እስካሁን አልታወቀም። እያለቀሰች ስትናገር እኔ ጻፍኩ፣ እሱ ገለበጠ።

ግልባጩን ሳነብ ልቤ በደስታ ዘለለ። እኔ «በቅሎዋ ከመስክ ጠፋች» ያልኩትን እሱ «ባሌ በስንፍናው በቅሎዋን ከእጁ አውጥቶ የሽፍቶች ሲሳይ አደረጋት» ብሎታል። «ስለ በደሉም ምሕረትዎን በእንባ እንለምናለን» ብሎ ጨምሮበታል። ሰውዬው በጠፋችበት ዕለት ለጭቃ ሹሙ ማመልከቱን እኔ ከፊት አስቀምጬው ነበር፤ እሱ መጨረሻ ላይ ወሽቆ «ነግሮ ነበር ይባላል» አድርጎታል።

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ስሕተቱን ጮኼ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ምሕረት መለመን እኮ የማመልከቻ ወጉ ነው» አለኝ በትሕትና።

«ምሕረት የሚለምን የበደለ ሰው ነው! ‹ይባላል›ን ደግሞ ከየት አመጣህ? ‹ነገረ› ነው ያለችው!»

ከሰዉ መሐል አንዱ «ቅናት ነው፣ ተዋቸው» ሲል ሰማሁ። አልተሳሳተም። ቢሆንም ማመልከቻውን ለሴትዮዋ አነበብኩላት።

«ይኸማ ባሌ በደለ የሚል ነው» አለችና ወደ ቀለሙ የዘረጋችውን ጣቷን ወደ ነጠላዋ ሰበሰበች።

ባልደረባዬ ፊቱ ጠቆረ። ወደሷ ዞሮ «እስቲ እታለም፣ ከሥሩ እንደገና ንገሪኝ» አላት። ነገረችው። እሷ ስትናገር ዓይኑ የኔ ረቂቅ ላይ ነበር።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ‹ማን እንደወሰዳት አናውቅም› ብለው ጽፈዋል። እሷ ያለችው ‹ያየ የለም› ነው።»

«ምን ለየው?» አልኩት።

የመለሰችው ሴትዮዋ ናት። «መጠርጠርማ እንጠረጥራለን ጌታዬ። አገሩ ሁሉ የሚጠረጥረው ሰው አለ። ያየ ግን የለም።»

አናውቅም ብላ ጣቷን አሳርፋ ቢሆን፣ ከመንደሩ አንድ ሰው የተጠረጠረውን ሰው ስም ሲጠራ እሷ ውሸታም፣ ባሏም ሸሻጊ ይሆኑ ነበር። እኔ ግልባጩን ከረቂቄ ጋር አመሳከርኩ እንጂ ረቂቄን ከአፏ ጋር አላመሳከርኩም። አፈርኩ። ከማፈሬ ይልቅ ግን እሱ ያገኘው መሆኑ አቃጠለኝ፤ እንደኔ አለመጮኹ ደግሞ የባሰ አቃጠለኝ።

እንደገና ጻፈው። በዚህኛው ስንፍናም፣ በደልም፣ ይባላልም የለበትም። የጭቃ ሹሙ ነገር ከፊት ገባ። «አናውቅም» ያልኩት «ማን እንደወሰዳት ያየ የለም» ሆነ። አነበብኩላት፤ ጣቷን አሳረፈች።

በሳምንቱ ሹሙ አስጠራት። የተፈራው አልቀረም፤ የተጠርጣሪውን ስም የጠራ ሰው ነበር። አስተርጓሚው «ይኸ ሰው እንደወሰዳት አታውቁም ወይ?» አላት። «እንጠረጥራለን፣ አላየንም» አለች፤ ወረቀቱም «ያየ የለም» ነው የሚለው። ጭቃ ሹሙም መሰከረላቸው። ባሏ ተፈታ።

ይኸን ታሪክ ለልጆቼ ስንት ጊዜ አወራሁ። የባልደረባዬን ስሕተት አንድም ሳላስቀር፣ ትሕትና የተሞላ ድምፁን ሳይቀር እየቀዳሁ እናገር ነበር። የራሴ ላይ ስደርስ ግን «ረቂቁም ላይ አንድ ስሕተት ተገኘ» ብዬ አልፋለሁ። ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳገኘው አልልም። እሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ቃሌን የሚያመሳክር የለም።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያገኘው እሱ ነው።