ጉልቤ ያልጻፈችው ቃል

ጉልቤ የምንላት ሰው ስለምታስፈራራ አይደለም። ውሃ የጠጣ የአንሶላ ቅርጫት ለሁለት የሚነሣውን እሷ ብቻዋን እቅፍ አድርጋ ስለምትሄድ ነው። የምንሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ እጥበት ክፍል ነው። ከላይ እንግዳው በንጹሕ አንሶላ ላይ ይንደላቀቃል፤ ከታች እኛ በእንፋሎት እንቀቀላለን። እሷ ማሽን ትሞላለች፣ ታወጣለች፤ እኔ አጣፊ ነኝ።

አለቃችንን «ጋዜጣው» እንለዋለን፤ ማታ የሰማውን ጠዋት ስለሚያወጣ። ካውያ ትይዝ የነበረች አንዲት ልጅ አንድ ጊዜ ፈቃድ ስትጠይቀው፣ የዋህ ናትና፣ ሕመሟን ዘርዝራ ጻፈችለት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ በእሷ ብርጭቆ ውሃ የሚጠጣ ጠፋ። ልጅቷ ብዙም አልቆየች፤ ሥራውን ጥላ ሄደች። ጉልቤ ያን ቀን የማሽኑን በር ዘግታ፣ «እኔን ግን በዚህ አያገኙኝም» ስትል ሰምቻታለሁ።

የእሷም የመታመም ተራ ደረሰ። ከሐኪም ቤት የወጣችበትን ቀን ኋላ ራሷ አጫውታኛለች። ሐኪሙ የዕረፍት ማስረጃ ሲጽፍላት፣ «የበሽታውን ስም ልጻፍበት?» ብሎ ጠየቃት።

«ካልተጻፈ አይሠራም?»

«ይሠራል። አሠሪሽ የሚያስፈልገው መሥራት አለመቻልሽንና እስከ መቼ እንደሆነ ማወቅ ነው።»

«እንግዲያው ይቅር» አለችው።

ቤት ገብታ ጋደም ስትል ታናሽ እህቷ ስልኳን ተቀብላ መልእክቱን ጻፈችላት። ረጅም ነበር፤ ሕመሙ ከጀመረበት እስከ ቀዶ ጥገናው ምንም አልቀረም። ጉልቤ አነበበችና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠፋችው።

«ምነው እቴ! እንዲያዝንልሽ ትንሽ ዘርዘር ይበል እንጂ» አለች እህቷ።

«እኔ የምፈልገው ፈቃድ ነው፤ ሐዘኑን ለራሱ ያድርገው።»

ራሷ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከሰኞ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ከሥራ እንዳርፍ ሐኪም አዝዞልኛል። የማስረጃውን ፎቶ አያይዣለሁ፤ ዋናውን እህቴ ለሰው ኃይል ክፍል ታደርሳለች። የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ለአጣፊዋ ሰጥቻለሁ። ስለ ሥራው የሚጠይቁኝ ካለ በዚህ ስልክ እገኛለሁ። አመሰግናለሁ።»

የጋዜጣው መልስ ወዲያው መጣ። «ምንሽን ነው የሚያምሽ? ይሄ ወረቀት ባዶ ነው።»

«ወረቀቱ ላይ የሐኪሙ ፊርማ፣ ማኅተም፣ የካርድ ቁጥሬና የዕረፍቱ ቀን አለ። ከዚያ ያለፈው የእኔና የሐኪሜ ነው። ከተጠራጠሩ ትክክለኛ መሆኑን ሐኪም ቤቱ ይጠየቅ።»

ሰውየው ነደደ። የማስረጃውን ፎቶ የሁላችንም የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፈና ከሥሩ፣ «በሽታው የማይታወቅ ፈቃድ አይተን አናውቅም፤ ምን ይሆን?» ብሎ ጻፈ። ሰው ምን ሲጠብቅ! አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ገመተ። በማግሥቱ «ጽንስ አስወርዳ ነው» የሚል ወሬ ከእጥበት ክፍሉ እስከ ልብስ መቀየሪያው ተዳረሰ።

ልጠይቃት የሄድኩ ዕለት ግሩፑን አይታው ኖሯል። ዓይኗ አብጧል። አላስቻለኝም።

«አንዷን ቃል ጻፊና አፋቸውን ዝጊው። የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።»

ቀና ለማለት ሞከረች፤ ትራሱን አስተካከልኩላት።

«እንደማያሳፍርማ አውቃለሁ። ዛሬ ይሄን ባስተባብል ነገ ሌላ ይፈጥራሉ። ለወሬ ሁሉ ገላዬን እየገለጥኩ ልኑር? ያቺ ልጅ እኮ ቃሏን ሰጥታቸው ነበር። ምን አደረጉላት?»

ብርቱካን ልጬላት በላን።

ዕረፍቷ አልቆ ስትመለስ ጋዜጣው በር ላይ ጠበቃት። «ምክንያቱ ያልተገለጸ ቀሪ ነሽ፤ ማሽን ክፍል እንዳትገቢ» አላት። እሷም ቀጥታ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ወጣች፤ እሱም ተከተላት። ቁልፉ እኔ ጋ ነበርና እኔም ተጠራሁ።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቸኩለው ነበር፤ ጠረጴዛቸው ላይ ፋይል ተከምሯል። ዋናውን ማስረጃ ከማኅደሯ አወጡ፣ ማኅተሙን አገላብጠው አዩና ስልክ አነሡ። ለሐኪም ቤቱ መዝገብ ክፍል የካርድ ቁጥሩንና ቀኑን አነበቡ። ሲያዳምጡ ቆዩ። «ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉ።

«ማስረጃው የእነሱ ነው። ሌላ ነገር ያለ ታካሚዋ ፈቃድ አንናገርም ብለዋል፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም» አሉ።

ጋዜጣው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «እኔ እኮ ለሠራተኛው አስቤ ነው። የሚተላለፍ ቢሆንስ?»

ጉልቤ ከቦርሳዋ ሌላ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሐኪሙ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ መጀመር እንደምትችል፣ ለሁለት ወር ግን ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ የጻፈበት ነው።

«ሰው መሃል መግባት የማልችል ቢሆን ሐኪሙ ግቢ አይለኝም ነበር። ሥራዬን የሚነካው ቅርጫት ማንሣቱ ነው፤ እሱንም ይኸው ጽፎታል።»

«ለምንድን ነው ታዲያ የማታነሺው?»

«ስለተከለከልኩ።»

«እኮ ለምን?»

«ጌታዬ፣ ለሠራተኛው ካሰቡ፣ ወረቀቴን ለዚያ ሁሉ ሰው መዘባበቻ ለምን አደረጉት?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን ቁልፉን ጨብጬ መሬት መሬት አያለሁ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ግሩፕ ላይ ለጥፈኸዋል?» አሉት።

«ለማሳወቅ ያህል ነው…»

«አሁኑኑ አጥፋው፤ እኔ እያየሁ። የሆቴሉ ደንብ ማስረጃ ያምጡ ይላል እንጂ በሽታቸውን ይናገሩ አይልም። ካሁን ወዲያ የሕክምና ወረቀት ቀጥታ ወደዚህ ይመጣል። አንተ የምታውቀው ማን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደማይኖር ነው። ቀሪ ብለህ የጻፍከውንም ሰርዝ።»

ስልኩን አውጥቶ የለጠፈውን አጠፋ። ይቅርታ አልጠየቀም። እሷም ይቅርታ አልጠበቀችም፤ «ሥራዬ ልሂድ?» ብቻ አለች።

ጋዜጣው ግን ቂሙን አልረሳም። ቅርጫት ማንሣት ስለማትችል ከእኔ ጋር እንድታጥፍ ሲመድባት፣ የቆሸሸ ፎጣ መለየቱንም ደረበላት። ከባድ አይደለም ነገር ግን የሚሰቀጥጥ ሥራ ነው። ጓንቷን አጥልቃ ሠራችው። ሁለቱ ወር ሲያልፍ ሐኪሙ አይቷት ፈቀደላትና ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ወሬውም ጨርሶ አልሞተም። ወሬ መቼ በአንድ ቀን ይሞታል? አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ምላሱ የማያርፍ አንድ ወጥ ሠሪ፣ ሰው እየሰማ፣ «እመቤቴ፣ ከዚያች ነገር ግን ተሽሎሻል?» አላት።

ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ፣ «ከየትኛዋ?» አለችው። «ብዙ አውርታችኋል እኮ። አንተ ጋ የደረሰችው የትኛዋ ናት? እስቲ ጮክ ብለህ ንገረን።»

ሰውየው ፊቱ ቀላና ጨው ፍለጋ ተነሣ። ዳር የተቀመጠች አንዲት ዕቃ አጣቢ በሳቅ ፈነዳች። ስንነሣ ያቺው ዕቃ አጣቢ ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ ያንን ለፈቃድ የጻፍሽውን መልእክት ላኪልኝ፤ ነገ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ» አለቻት።

ጉልቤ ምንሽን ነው ብላ አልጠየቀቻትም። ስልኳን አውጥታ ላከችላት።