የጽጌሬዳ ፊትና የስልኩ ውሸት
ባህል አዳራሽ አካባቢ ካሉት የውበት ሳሎኖች በአንዱ ሙሽራ የምታስጌጠው ጽጌሬዳ እጇ የተባረከ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ሙሽራ አይቶ አያውቅም። የራሷ ጉንጭ ላይ ግን ብጉሩ ሄዶ ጥቁር ነጠብጣቡን ጥሎባታል። ጥፋቱ የእሷው ነው፤ በጥፍሯ ስታፈርጠው ነው የከረመችው።

የሳሎኑ ባለቤት እትዬ ወርቄ ምላሳቸው አያድርስ ነው። «ፊትሽ እኮ ታፔላችን ነው። የሰርግ ወቅት ሳይገባ ካልጠራ፣ ጓዳ ገብተሽ ፀጉር ታጥቢያለሽ» አሏት።

የቆዳ ሐኪሟ ደግሞ ቁርጡን ነግራታለች። ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ያበዛል፤ ከላይ የቀረው ቀለም ቆዳው ራሱን ሲያድስ በወራት ይለቃል፣ ወደ ውስጥ የሰረገው ግን ዓመትም ሊያልፈው ይችላል። ፀሐይ ሲያገኘው መልሶ ይጠቁራል። ጽጌሬዳም ጠዋት ጠዋት የፀሐይ መከላከያ፣ ማታ ማታ የታዘዘላትን ቅባት እየተቀባች፣ ጥፍሯንም ሰብስባ ወራት ገፋች።

እትዬ ወርቄ ግን የሚታገሱ ሴት አይደሉም። አንድ ቀን ስም የሌለው ብልቃጥ አቀበሏት፤ ሰው ቤቱ የቀላቀለው ክሬም ነው። «በሳምንት ድራሹን ያጠፋዋል።»

ቤቷ ገብታ፣ ሕክምናውን ስትጀምር በራሷ ስልክ የተነሳችውን ፎቶ እህቷ ሊድያ አሁን በገዛ ስልኳ ካነሳቻት ጋር አስተያየች። የአሁኑ ባሰ። ልቧ ድቅቅ አለ፤ ያ ሁሉ ትዕግሥት ውሃ በላው። ብልቃጡን ከፈተች።

«ቆይ እስቲ» አለች ሊድያ አሮጌውን ፎቶ እያየች። «ቅንድብሽ ላይ ያለው ጠባሳ የታለ?»

ልጅ ሆና ወድቃ የተረፋት ጠባሳ የለም። ለካስ ጽጌሬዳ ለሙሽሮቿ ብላ የስልኳን ካሜራ ፊት እንዲያለሰልስ አድርጋዋለች፤ ነጠብጣቡንም ጠባሳውንም አብሮ ልሶታል። አሮጌው ፎቶ በተነሳበት ሰሞን ሊድያ በስልኳ የቀረጸችውን የልደት ቪዲዮ ፈልገው አገኙ። እዚያ ላይ ነጠብጣቡ ከሰል ነው። አሁን ቡናማ ሆኗል፣ አንዳንዱም ካልፈለጉት አይታይም። በየቀኑ መስታወት ፊት የሚቆም ሰው ይህን ከየት ያየዋል? ጽጌሬዳን እንባዋ ቀደማት።

በማግስቱ ብልቃጡን መለሰች። «እትዬ፣ እንዲህ ዓይነቱ መጀመሪያ ያቀላና ኋላ ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉርም ያመጣል ብላኛለች ሐኪሟ። አልቀባውም፤ ሙሽሮቼንም አላስቀባም። ጓዳ ከሆነም ጓዳ እገባለሁ።»

አስገቧትም። ጨክነዋል።

የሰርግ ወቅት ሲገባ ራሔል የምትባል፣ ከሐይቁ ዳር የመጣች ሙሽራ ፀጉሯን ልትታጠብ ጓዳ ገባች። ትንኝ የነከሳትን ስታክ ክንዷ ሁሉ ጠቁሯል፤ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ጽጌሬዳ እጇን አደራርቃ ሊድያ የላከችላትን የልደት ቪዲዮ አሳየቻት፣ ከዚያም ሜካፕ ያልነካው ጉንጯን ወደ መብራቱ አዞረችላት።

«ለሰርግሽ አይደርስም፣ አልዋሽሽም» አለቻት። «ግን ካላከክሽው ይለቃል።»

ራሔል ነጠላዋን ከክንዷ ላይ አወረደች። ወጥታም እትዬ ወርቄን፣ «እኔን የምትሠራኝ ጓዳ ያለችው ናት» አለቻቸው።