ሦስተኛው ጭረት

ገዳሪፍ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን የሆንኩት ድንበሩን በተሻገርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ደርግ እኩዮቼን ከየቤቱ ሲለቅም እኔ ጎንደር ሙያ ትምህርት ቤት የመጨረሻው ዓመት ላይ ነበርኩ፤ ፈተናውን ሳልፈተን በመተማ በኩል ወጣሁ። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለጠየቀኝ ሁሉ «ጨርሻለሁ» አልኩ። ሰዎቹም «ኡስታ» ይሉኝ ጀመር፤ በሱዳኖች አነጋገር የሙያ ጌታ ማለት ነው። ለሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ የሚከብድ ስም ነበር፤ እኔ ግን በሳምንት ውስጥ ለመድኩትና ሳይጠሩኝ የሚያልፉትን ሰዎች መቀየም ጀመርኩ።

ረዳቴ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ የአርማጭሆ ሰው ነበሩ። ብዙ ዓመት በሀዋታ እርሻዎች ሰሊጥ ሲያጭዱ ወገባቸው ስላለቀ፣ ወደ ማሳ የማይመልሳቸው ሙያ ይፈልጉ ነበር። እጃቸው ጠንቃቃ ነው። ፊደል የቆጠሩት ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ወረቀትን እንደ ዳዊት ነው የሚያነቡት፤ ቀስ ብለው፣ አንድም ሳይዘሉ። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ኡስታ ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ የኛ አገር ሰው፣ የጨርቅ ነጋዴ የሆኑ ሐጂ፣ አዲስ ቤት ሠርተው ሽቦውን እንድንዘረጋ ሰጡን። ሥራ ከመጀመራችን በፊት የቤቱን የአንድ መስመር ንድፍ ስዬ ረዳቴን አስቀመጥኳቸው።

«ከምሰሶው የሚመጣው መጀመሪያ እዚህ ቆጣሪው ውስጥ ይገባል» አልኳቸው። «ቆጣሪው የመንግሥት ነው፤ ታሽጓል፣ አንነካውም። ቀጥሎ ዋናው ማጥፊያ አለ። ከዚያ ብሬከሮቹ ናቸው፤ ለመብራት አምስት አምፔር፣ ለሶኬት አሥራ አምስት። ከየብሬከሩ አንድ አንድ መስመር ይወጣል።»

«ሽቦው ሁለት አይደለም እንዴ?»

«ነው። ሁሉንም ሽቦ ብንስለው ወረቀቱ አይበቃንም። በአንድ መስመር እንስልና ቁጥሩን በጭረት እናሳያለን። ሁለት ጭረት ካዩ ሁለት ሽቦ ነው፤ የሚመጣውና የሚመለሰው። ሦስት ካዩ ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ነው።»

«ብሬከሩ ካለ የመሬቱ ለምን አስፈለገ?» አሉ።

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ብሬከር የሚወድቀው በመስመሩ ላይ ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲሄድ እንደሆነ፣ ሰው የሚገድለው ግን አንድ አምፖል ከሚወስደው ያነሰ ስለሆነ ብሬከሩ ልብ እንደማይለው ነገርኳቸው። አካሉ ብረት የሆነ ዕቃ ውስጥ ሽቦ ቢላጥና ብረቱን ቢነካ፣ ብረቱ ኤሌክትሪክ ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል። የመሬት ሽቦ ከታሰረበት ግን በዚያ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ የምንገጥመው ዋና ማጥፊያ ደግሞ የቤቱ የመሬት ሽቦ ሁሉ በእሱ በኩል አልፎ ውጭ ወደ ተቀበረው ዘንግ የሚሄድበት ዓይነት ነበር፤ በዚያ ሽቦ የሚወርድ ነገር ሲሰማው ቤቱን በሙሉ ያጠፋል። ሽቦው ከሌለ የሚሰማው ነገር የለም።

«እንግዲያ ነፍስ ያለችው በዚች በሦስተኛይቱ ናት» አሉ።

ዘንጉን ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ቀበርነው። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ከብረቱ ስለሚሸሽ፣ ውኃ የሚፈስበት ቦታ ይሻላል። ይህን እንኳ አስቤ ነበር። አንድ ሕግም አወጣሁላቸው፤ ወረቀቱን ይመኑ፣ በየደቂቃው አይጠይቁኝ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ሐጂ ከካርቱም ሙከይፍ አስመጡ፤ በውኃ የራሰ ጭድ ላይ ነፋስ እየሳበ ቤት የሚያቀዘቅዝ የቆርቆሮ ሣጥን። እኔ ሌላ ሥራ ቸኩዬ ነበር። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አንድ ብሬከርና አንድ መስመር በእርሳስ ጨመርኩ፤ ጭረትም አደረግሁና ለረዳቴ ትቼ ሄድኩ። ስመለስ ሙከይፉ ይነፍሳል፣ ቤቱ ቀዝቅዟል። አካሉን በመሣሪያ መፈተሽ ነበረብኝ፤ አልፈተሽኩም። ረዳቴን «አበጁ» አልኳቸው።

ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። አንድ ቀን በቀትር ተጠርተን ስንደርስ የሐጂ ሚስት ምንጣፍ ላይ ተኝተዋል። ሙከይፉን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉ ይዟቸው ነበር። እግራቸው ከድቷቸው ስለወደቁ እጃቸው ለቀቀ፤ የተረፉት በዚያ ነው። መዳፋቸው ተቃጥሏል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ረዳቴ ውኃ ፍለጋ ወደ ጓሮ ሮጡ። እኔ ዋናውን አጠፋሁና ሙከይፉን ከፈትኩት። የውኃ ፓምፑን ሽቦ የቆርቆሮው ጠርዝ ልጦታል። ከግድግዳው የመጣው ሽቦ ሁለት ብቻ ነው።

ንድፉ ከብሬከሮቹ ሣጥን ክዳን ውስጥ ተለጥፏል። ገለጥኩት። በሙከይፉ መስመር ላይ ሁለት ጭረት። የእኔ እጅ።

ሐጂ ከሚስታቸው ጋር ነበሩ። ማንም አያየኝም። እርሳሱ ጆሮዬ ላይ ነበር። ሦስተኛውን ጨመርኩ። ብዙ ጊዜ «ደንግጬ ነው» ብዬ ራሴን ላሳምን ሞክሬያለሁ፤ ነገር ግን ጭረቷን ከሌሎቹ እኩል እንድትሆን ተጠንቅቄ ነበር የሳብኳት። የደነገጠ ሰው እንደዚያ አይጠነቀቅም።

ሐጂ መጥተው «ያ ኡስታ፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ።

«የመሬት ሽቦ አልተሳበም።»

«ማነው ያልሳበው?»

ወረቀቱን አሳየኋቸው። በጣታቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሩ። ከዚያ ረዳቴን ጠሩ።

«ሦስት ይላል። አንቱ ስንት ሳቡ?»

«ሁለት» አሉ ረዳቴ። ማሰሮውን አስቀምጠው ወረቀቱን ከክዳኑ ላይ ላጡት፤ ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። አራቁት፤ እንደገና አስጠጉት። በጣታቸው ጭረቶቹን ዳሰሱ። አሁን ያውቁታል አልኩ፤ ቢያውቁት ደስ ይለኝ እንደነበረ ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም፤ የፈለግሁት እንዳያውቁት ነው።

«ሦስት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይማሩኝ።»

«ኸላስ» አሉ ሐጂ፤ አበቃ ማለታቸው ነው። «ከዛሬ ወዲያ ቤቴ እንዳይገቡ።»

ሦስተኛውን ሽቦ በዚያው ቀን ብቻዬን ሳብኩ። የቆርቆሮውን አካል ሆን ብዬ ከሚመጣው ሽቦ ጋር ሳነካካው ዋናው ማጥፊያ ጧ ብሎ ወደቀ፤ እንደሚገባው። ሐጂ ትከሻዬን መቱኝና ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ እንደሚነግሩልኝ ቃል ገቡ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ከዚያ በኋላ ሥራ አጥቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ረዳቴ ቤቴ መጡ። ያዋስኳቸውን ፒንሳና መፍቻ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። እጄ ላይ አኖሩት።

«ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፣ ኡስታ» አሉ። «ሁለት ነበር ብዬ እምላለሁ፤ ግን በዓይኔ አየሁት፣ ሦስት ነው። ዓይኔ ከድቶኛል። እንዲህ ሆኜ ይኸን ሥራ ብይዝ ሰው እገድላለሁ። የሀዋታ ሎሪ አሁን ሊነሣ ነው። ሰሊጡ ቢሳሳቱበትም ሰው አይገድል።»

አሁን ልናገር አልኩ። አፌንም ከፍቼ ነበር።

«አንተ ባታሳየኝ ኖሮ መቼ አውቀው ነበር» አሉና ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

«አይዞዎት» አልኳቸው።