በዩኒፎርም ኪስ ውስጥ የተቀዳው ስብሰባ

ዋሽንግተን ስቴት፣ ሬንተን ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ከአንዲት ያገሬ ሰው ጋር አብረን እንሠራ ነበር። እሳቸው ስልሳን ያለፉ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። አረጋውያኑን ሲያጥቡና ሲያለብሱ በጉራግኛ ያንጎራጉሩ ነበር። ቃሉ ባይገባቸውም ሽማግሌዎቹ ጸጥ ብለው ይሰሟቸዋል።

አዲሱ ማናጀር ግን ጠመዳቸው። እሳቸው ሥራ ባልገቡበት ቀን አንዲት አሮጊት ስለወደቁ እንኳ ቢሮው ጠርቶ፣ በሩን ዘግቶ ጮኸባቸው። አቤት አሉ። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ፣ «እርስዎ ብሎኛል ይላሉ፣ እሱ አላልኩም ይላል፤ ማናችሁን ልመን?» ብላ ሸኘቻቸው።

ብዙም ሳይቆይ ማናጀሩ ቢሮ ደግሞ ተጠሩ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ስልካቸውን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው።

«ልጄ ሪከርድ አድርጊው አለችኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እዚህ ስቴት ሰውዬው ሳያውቅ መቅዳት አይቻልም ሲባል ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ማን ያምነኛል?»

ስልኩን ከፍተው የዩኒፎርማቸው ኪስ ውስጥ ከተቱትና ገቡ። እኔ ኮሪደሩ ላይ አንሶላ እያጠፍኩ ጠበቅኳቸው። ቃሉ ባይለይም ጩኸቱ ይሰማል። ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ያላቸውን ግን ሊነግሩኝ አልፈለጉም።

ቅዳሜ ሬኒየር ቢች ሰፈር ወዳለው የማኅበረሰብ ማዕከል ይዣቸው ሄድኩ። እዚያ በነፃ የምታማክር ጠበቃ ነበረች፤ እኔ አስተረጎምኩ። መጀመሪያ ቢሮ ተጠርተው ስለተጮኸባቸው ስብሰባ ሲነግሯት በደንብ አዳመጠች። ከዚያ እትዬ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው አቀረቡላት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ተስፋ አልረሳውም።

«አይክፈቱት» አለች ጠበቃዋ። «ማናጀሩ እንደሚቀዳ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

ጠበቃዋ ቀስ ብላ አስረዳች። በዋሽንግተን ሕግ የግል ንግግር ለመቅዳት የተነጋጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። እንዲህ የተቀዳ ድምፅ ፍርድ ቤት አይቀበለውም፤ ቀጂውንም ሊያስከስስ ይችላል። ይባስ ብሎ የአሠሪው ጠበቆች፣ እትዬ ስለዚያ ስብሰባ በአፋቸው የሚሰጡት ምስክርነትም ውድቅ ይሁን ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ።

«እመታሻለሁ ብሎ አስፈራርቶዎታል?» አለች። « እንዲህ እንዲህ ካላደረግሽ ጉድሽን አወጣለሁ የሚል ነገርስ? እንዲህ ላለ ዛቻ ሕጉ ሳያሳውቁ መቅዳትን ይፈቅዳል።»

ተረጎምኩላቸው። እትዬ መዋሸት ይችሉ ነበር።

«እመታሻለሁ አላለኝም» አሉ። «ሰው አይደለሽም ነው ያለኝ።»

ይህንንም ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ።

ጠበቃዋ ድምፁን ለማንም እንዳይልኩ፣ እንዳያጠፉትም አስጠነቀቀቻቸው፤ ማጥፋት ማስረጃ እንደ መደበቅ ይቆጠራል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገው «እየቀዳሁ ነው» ብለው፣ ይህንኑ ማስታወቂያቸውን ጭምር ቀድተውት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር አለች። ወይም ከስብሰባው እንደወጡ የሆነውን ለራሳቸው በኢሜይል ቢጽፉት። አሁን የቀረን የመጀመሪያው ስብሰባ፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ያየሁት፣ እና ማናጀሩ ሌሎቹም ላይ እንደሚጮህ የሚመሰክሩ ሁለት ባልደረቦቻችን ነበሩ።

ግን እትዬ በስብሰባው ዕለት ድምፁን ለልጃቸው ልከውላት፣ ልጃቸውም ቀድማ ለአንዲት ባልደረባችን ልካው ኖሯል። ወሬው መሥሪያ ቤቱን ሁሉ አዳረሰ። ሁለቱ ምስክሮች ከእትዬ ጋር ምሳ መብላት ተዉ። አንደኛዋ፣ «እኔንስ ስንት ጊዜ ቀድተውኝ ይሆን? በእሳቸው ጉዳይ ስሜን አታንሱ» አለችኝ። ሌላዋ ጆሮ ጠቢ አለቻቸው። እኛ አገር ጆሮ ጠቢ የተባለ ሰው ምን እንደሆነ ለሚያውቁ ሴት፣ ከማናጀሩ ስድብ የባሰው ያ ነበር።

ጠበቃዋ ላቀረበችልን አቤቱታ የድርጅቱ ጠበቃ የጻፈው መልስም ስለ ማናጀሩ ብዙም አይልም። የሚያወራው ሕግ ጥሰው በድብቅ ስለቀዱት፣ ስለማይታመኑት ሴት ነበር። ነገሩ በስምምነት አለቀ። እትዬ ሥራውን ለቀቁ፤ ማናጀሩ ይቅርታ አልጠየቀም። ስለተቀዳው ስብሰባ በስምምነቱ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ አልተነሳም።

ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ሲነሱ ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው።

«ዳኛ ባይሰማው አይቆጨኝም» አሉኝ። «የሚቆጨኝ ልጄ መስማቷ ነው። እሱ ሰው አይደለሽም ሲለኝ እኔ የስ ሰር፣ የስ ሰር እላለሁ። እናቷ እንዲያ ስትል ሰማች።»

ባቡሩ መጣ። ሻንጣቸውን አስገባሁላቸው። በሩ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ቆምኩ።