ማን ያራግፋል?

ዮአዳን ከሰኞ እስከ ዓርብ የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ናት። ቅዳሜ ግን በስደት ከተማዋ የሐበሻ ነጋዴዎች ሰፈር ወደሆነው ጄፒ ወርዳ ለአገሯ ልጆች የዋትስአፕ ማስታወቂያ ትጽፋለች። ነጋዴው ጽፎ ያመጣውን እያነበበች በየመስመሩ «ማነው የሚያደርገው?» ብላ ትጠይቃለች። ሰዎቹ በጥያቄዋ ይሰለቻሉ፤ ግን ተመልሰው ይመጣሉ።

የዚያን ቅዳሜ የጠራት ጅምላ አከፋፋዩ ዱካሞ ነበር። ከፊት ለፊቱ አዲስ መጋዘን ተከፍቶ ከከተማ ዳር ባሉ የድሃ ሰፈሮች፣ እንደ ኦሬንጅ ፋርምና ዛንድስፕሩት ባሉ ታውንሺፖች፣ ሱቅ ያላቸው ደንበኞቹ አንድ በአንድ እየሸሹት ነው። ያዘጋጀው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ጥራት ያላቸው ሸቀጦች በተመጣጣኝ ዋጋ ይቀርባሉ። እስከ ሱቅዎ የማድረስ አገልግሎት ይሰጣል።»

ዮአዳን ይህ የቀበሌ ማስታወቂያ ነው አለችው። ዘይቱን፣ ዱቄቱንና ስኳሩን በስማቸው ጠርታ እንዲህ ጻፈች፦ «ሰኞ ይዘዙን። ማክሰኞ ጠዋት ኦሬንጅ ፋርምም ሆነ ዛንድስፕሩት፣ ሱቅዎ ደጃፍ እናራግፋለን።» ዱካሞ ጮክ ብሎ አነበበውና ፊቱ ፈካ።

ካርቶን እየጫነ ንባቡን የሰማው ሾፌሩ ከሊል ቀና አለ።

«ዛንድስፕሩት ማነው የሚያራግፈው፣ ጋሼ? እርስዎ ነዎት?»

 ከሊል እዚያ ዘራፊዎች መኪናውን በሽጉጥ አስቁመው ከዘረፉት ወዲህ ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ሰፈሩ መግቢያ ላይ ያለው ነዳጅ ማደያ ጋ ቆሞ ለባለሱቆቹ ይደውላል። ባለሱቆቹ «ይደርሳል» የተባለውን አምነው ደጃፋቸው ላይ ሲጠብቁ ይውላሉ። ዮአዳን ደንበኞቹ ለምን እንደሚሸሹ ያን ጊዜ ገባት።

«እንግዲያው የድሮውን መልሺው፤ እሱ ማንንም አያስጠይቅም» አላት ዱካሞ።

«ጋሽ ዱካሞ፣ እሱማ ሲያስጠይቅዎት ነው የከረመው። የሚያደርጉትን ብቻ ይናገሩ፤ ግን በሙሉ አፍዎ።»

ዱካሞ «አንገባም» የሚል ማስታወቂያ የት አገር አለ ብሎ ሞገታት፤ ባላንጣው እንደሚሳለቅበትም ነገራት። እሷ ግን ከሊልን ስንት ሰዓት ማደያው እንደሚደርስና ዕቃ ማውረድ ያግዝ እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ጻፈች፦ «ኦሬንጅ ፋርም ሱቅዎ ደጃፍ እናራግፋለን። ዛንድስፕሩት ውስጥ አንገባም፤ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነዳጅ ማደያው ጋ እንጠብቅዎታለን፤ ዕቃዎን ባኪ ፒክአፕዎ ላይ እንጭንልዎታለን።»

 ዱካሞ እያመነታ ለደንበኞቹ ላከው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዱካሞ ለዮአዳን ሁለት የድምፅ መልእክቶች አሰማት። አንዱ የዛንድስፕሩት ደንበኛ ነው፤ ደጃፌ ካልመጣህ ወደ አዲሱ መጋዘን ሄጃለሁ ይላል። ሌላው አቢሶ ነው፤ እሱም የዛንድስፕሩት ባለሱቅ ነው፤ ከዱካሞ ከሸሸ ሰንብቷል።

«ዱካሞ፣ ይህንን መጀመሪያ ብትለኝ ሱቄን ዘግቼ ስጠብቅህ አልውልም ነበር። ዱቄትና ዘይት ጫንልኝ፤ ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ።»

ዱካሞ ስለ ሄደው ደንበኛ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለከሊል ደውሎ ማክሰኞ እንዳያረፍድ አስጠነቀቀው።