«የፊታችን ረቡዕ» ያልኩበት ገጽ

ደሴ የሄድኩት በአንድ ዓመት ኮንትራት ነው። ጎጃም ካሉት ቤተሰቦቼ የተለየሁት ያኔ ነው፤ በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረም። ቢሮአችን ፒያሳ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ነበረው። ለሠራተኞች ነጻ የሕግ ምክር እንሰጥ ነበር፤ አብዛኞቹ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚመጡ ናቸው። የእኔ ሥራ ጽሑፍ ነው፤ ማስታወቂያ፣ ደብዳቤ፣ የድረ ገጻችን ገጾች።

በዚያ ዓመት ሥራ አስኪያጃችን ዌቢናር የሚሉትን የኢንተርኔት ውይይት አመጣ። የሕግ ባለሙያው አዲስ አበባ ሆኖ ይናገራል፤ ሰው በስልኩም ሆነ በየኢንተርኔት ቤቱ ተቀምጦ ይጠይቀዋል። ኢንተርኔት የሌለው እኛ ክፍል መጥቶ በፕሮጀክተር ያያል። የመጀመሪያው ርዕስ ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራው እንዲመለስ የሚጠይቅበት መንገድ ነበር። ይህ ክስ መቅረብ ያለበት በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ይህን ከእኛ በቀር ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር።

ገጹን እኔ ጻፍኩት። በርዕሱ ላይ ቀን አላስገባሁም፤ «ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው የመመለስ መብት፦ ከሕግ ባለሙያ ጋር የኢንተርኔት ውይይት» ብቻ አልኩ። በመግለጫው ግን «የውይይቱ ቀን» ብዬ ዕለቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን ዘረዘርኩ፤ ሰዓቱንም «ከቀኑ 8 እስከ 10፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» አልኩ። «ጥያቄ የሚቀርበው በውይይቱ ሰዓት ነው፤ ምዝገባ የሚዘጋው ውይይቱ ሲጀመር ነው፤ የውይይቱ ቅጂ የሚቀመጠው በዚሁ ገጽ ነው» ብዬ ጨረስኩ። ከቀኑ በፊት ያነበበው ይመጣበታል፤ ከቀኑ በኋላ ያነበበው ደግሞ እንዳለፈ ያውቃል።

ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆሞ አነበበውና ሳቀ።

«እህቴ፣ ይሄ የአርባ ማስታወቂያ ነው። ሙት ዓመቱንስ አልጨመርሽም?»

«ጋሼ፣ ገጹ እኮ ቆይቶም የሚነበብ ነው።»

«ሰው ቀን ቆጥሮ አይመጣም። ‹የፊታችን ረቡዕ› በይው። ‹አሁኑኑ ይመዝገቡ› በይው። ይቸኩል እንጂ!»

አንድ ጊዜ ተከራከርኩ፤ ሁለተኛ አልደገምኩም። የኮንትራት እድሳቱ በእጁ ነበር። ርዕሱን «የፊታችን ረቡዕ ከጠበቃ ጋር በቀጥታ ይነጋገሩ፤ በነጻ!» አደረግኩት፤ የዘረዘርኩትን ቀን አጠፋሁ። ውይይቱ እንዳለቀ አስተካክለዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ረቡዕ ውይይቱ ተደረገ። መብራት አንድ ጊዜ ብቻ ጠፋ፤ ደህና ሆነ ተባለ። ሐሙስ ማለዳ ለአስተርእዮ ማርያም ወደ ግሸን ወጣሁ። ስለቴ ነበረብኝ፤ ፈቃዱንም አስቀድሜ ወስጃለሁ። ገጹን መንገድ ላይ አሰብኩት፣ ስልኬ ግን ኔትወርክ አልነበረውም። ተመልሼ እነካዋለሁ አልኩ። ማክሰኞ ማታ ተመለስኩ፤ ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ስገባ ሥራ አስኪያጁ የሚቀጥለውን ዌቢናር ገጽ ሰጠኝና በእሱ ተያዝኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል አንዲት ሴት በሩን ከፍታ ቆመች። ነጠላዋን ከሻሿ በላይ ደርባለች፤ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ እንደመጣች ጫማዋ ላይ ያለው አቧራ ይናገራል።

«አሰላሙ አለይኩም። ጠበቃው ገባ?»

«የቱ ጠበቃ፣ እህቴ?»

«የረቡዑ ነዋ። ዓርብ ዕለት በእህቴ ልጅ ስልክ ተመዝግቤያለሁ። ‹ተመዝግበዋል› ብሎኛል።»

የምዝገባ ፎርሙን አልዘጋነውም ነበር። ውይይቱ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ተቀብሏት ነበር።

አስቀመጥኳት። በጨርቅ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሠርታ ነበር፤ ሽፍት መሪዋ ላይ አቤት ብላለች ተብላ ተባረረች። የፈለገችው ካሳ አይደለም። «ማሽኔን ነው የምፈልገው፤ ወላሂ ሌላ ነገር አላልኩም» አለች። ዓርብ ዕለት ማመልከቻዋን ጽፋ ፍርድ ቤት ልትሄድ ነበር። ገጹን ስታይ ተወችው፤ ጠበቃ በነጻ ሲያገኙ ምን አስቸኮለኝ አለች። የስንብት ደብዳቤዋን ተቀብዬ ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። ሦስት ወሩ ያለቀው ሰኞ ነበር። እኔ በግሸን ቅዳሴ ላይ በቆምኩበት ቀን።

ነገርኳት። አልጮኸችም። «እንዴት ያልቃል? ረቡዕ ዛሬ አይደለም እንዴ?» አለች።

አዲስ አበባ ደወልኩ። ለሕግ ባለሙያው ነገሩን አስረዳሁት። «መመለሱ በይርጋ ቀርቷል። ሌሎች ክፍያዎችን መጠየቅ ትችላለች። ያዘገያት ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ነው ብላ ማመልከት ትችል ይሆናል፤ ቀጭን ነው። ገጹን እንዳለ አትማ ከክሱ ጋር ታያይዘው» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። ከመደወሌ በፊት፣ ሴትየዋን ውኃ አስቀድቼ ባስቀመጥኳት በዚያች ጥቂት ደቂቃ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ገጹን አስተካክዬው ነበር። ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ። የድሮውን ርዕስ መለስኩ፤ ዕለቱን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ጻፍኩ፤ ፎርሙን ዘጋሁ። አሮጌው ጽሑፍ አልተቀመጠም፤ ድረ ገጻችን የቀድሞውን የሚያስቀር አልነበረም። አሁን ገጹ ላይ ያለው እውነት ብቻ ነው። ዳኛው ቢያነበው ቀኑ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ሳለ ይህች ሴት ለምን ዘገየች ይላል።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ። «ገጹ ‹የፊታችን ረቡዕ› ይል እንደነበር የቢሮ ደብዳቤ እንስጣት» አልኩት።

«አብደሻል? በገዛ ማኅተማችን ራሳችንን እንክሰስ?»

«እኔ ልፈርም እንግዲህ።»

«ፈርሚ። ከዚያ አገርሽ ግቢና እዚያ ፈርሚ።»

አልፈረምኩም። ለሴትየዋ ባለሙያው ያለውን ነግሬ ያስተካከልኩትን ገጽ አትሜ ሰጠኋት፤ ሌላ የምሰጣት አልነበረም። ወረቀቱን ይዛ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይሄ እኔ ያነበብኩት አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«ማን ለወጠው?»

«እኔ።»

ዓይኔን ፈልጋ አየችኝ። «መቼ?»

«አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ሳለ።»

ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና ወጣች።

በጾሙ መግቢያ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ይህን ለእኔ ከምትነግሪኝ ለዳኛው ብትነግሪው ምን ነበር?» አሉኝ። ኮንትራቴን አነሳሁላቸው። «እሱንም ሰማሁ» ብለው ስግደት አዘዙኝ። ስግደቱን ጨረስኩ። አልቀለለኝም።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ፋብሪካው በር አካባቢ ስጠይቅ ቤቷን አሳዩኝ። ደጃፏ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በሰሌን ላይ ደርድራ ትሸጣለች። ልመሰክር እንደመጣሁ ነገርኳት። ማመልከቻዋ ባለፈው ሳምንት ውድቅ መደረጉን፣ ማሽኗም ላይ ሌላ ሴት መቀመጧን ነገረችኝ። ይግባኝ እንበል አልኳት።

«በምን ማስረጃ? በአንቺ ቃል?» አለች፤ ድምፅዋ ላይ ንዴት እንኳ አልነበረም። «የአንቺን ቃልማ አየሁት።»

አንድ ደንበኛ መጥታ ስለ ሽንኩርቱ ጠየቀቻት። እሷም ወደዚያች ዞረች። እኔም ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።

ኮንትራቴ ታድሶልኝ ነበር።