አራት ሰዓት በሁለት ቋንቋ

ልጆቹ «ያችን የሐይቅ ሆስቴል ነገር ንገሪን» ብለው ያዙኝ። ትልቂቱ ደብተር ይዛ ከፊቴ ተቀምጣለች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ መልሳ ታነብልኛለች፣ ያልጣመኝን አሰርዛታለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ የመኪና ታርጋ፣ የስልክ ቁጥር፣ የግድግዳ ሰዓት ማንም ሳያስተምረኝ ከመንገድ ለቅሜዋለሁ። የዚያ ጊዜው ነገርም የተፈታው በቁጥር ነው፤ ተፈታ ካላችሁት።

ቤቴን ለልጆቼ ለቅቄ ከወጣሁ ወዲህ ከደብር ደብር ስዞር ነው የኖርኩት። መስከረም ላይ ግሸን እወጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ሐይቅ ከተማ ሁለት ሦስት ሳምንት አርፋለሁ። በዚያ ዓመት አንዲት ሴት ከመንገዱ ዳር ለመንገደኛ የሚሆን ሆስቴል እያስተዳደረች ነበር። «እማማ፣ ግቢውን እየጠረጉልኝ ከሴቶቹ ክፍል ይደሩ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው። በግድግዳው ዙሪያ ስምንት የብረት ሎከር ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። መታጠቢያ ቤቱ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው፣ የሁላችንም። በሩ አጠገብ ደንቡ ተለጥፏል፤ በግራ በኩል በአማርኛ፣ በቀኝ በኩል በእንግሊዝኛ። ራሷ ናት የጻፈችው። የገባሁ ዕለት ቆማ አነበበችልኝ፦

«አንደኛ፣ ዕቃችሁን ሎከር ውስጥ ቆልፉ፤ ቁልፋችሁን ከራሳችሁ አትለዩ። ሁለተኛ፣ ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጸጥታ ነው። ሦስተኛ፣ መታጠቢያ ቤት የጋራ ነው፤ ከአሥር ደቂቃ አትለፉ፣ ወለሉን አድርቃችሁ ውጡ፣ በጸጥታ ሰዓት ገላ አትታጠቡ። አራተኛ፣ 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል።»

«አምስተኛስ? ማንኮራፋት ክልክል ነው አይልም?» አልኳት።

«እሱንማ ብጽፍ እማማ፣ መጀመሪያ የሚወጡት እርስዎ ነዎት» ብላ ሳቀችብኝ።

የራሴ የምለው ቁልፍ ከጨበጥኩ ስንት ዘመኔ! ከማተቤ ጋር አንድ ላይ አሰርኩት። ሎከሬ ውስጥ ያለው አንድ ቅያሪ ነጠላ፣ አንድ ኩባያና የልጄ ፎቶ ነው። ያም ሆኖ ቆልፌ ሁለት እርምጃ ሄጄ እመለስና ጓጉንቸሩን ሳብ አደርገዋለሁ። ጠርጌ ስጨርስም መጥቼ ሳብ አደርገዋለሁ። ሌላ ነገር ያጣሁ ይመስል።

በሦስተኛው ቀን እንግዳዋ መጣች። ከሌላ የአፍሪካ አገር ናት አሉን፤ የሐይቁን ባሕር ወፎች ልትቆጥር ነው የመጣችው። ጥቁር፣ ረዥም፣ መልኳ ከእኛው። ቀትር ላይ ነበርና የገባችው ሁላችንንም እየዞረች ጨበጠችን፤ ድምፅዋ ደማቅ፣ ሳቋ ቅርብ። በሩ አጠገብ የተለጠፈውን ወረቀት ጣቷን እያስኬደች አነበበች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ የሩቅ ማያ መነጽሯን በአንገቷ አንጠልጥላ ወደ ባሕሩ ወረደች።

ማታ ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና ተመለሰች።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። «ደህና ዋልሽ?» አልኳት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝ። ከደሴ የመጣች ጨርቅ ነጋዴ ነበረች፣ ግሸን ተሳላሚ፣ አፏ የማያርፍ፤ እሷም «ነይ እንጂ ቆሎ ቅመሽ» አለቻት። እንግዳዋ እፍኟን ዘርግታ ተቀበለች፣ በእጇ አመሰገነች፣ አንድም ቃል አልወጣትም። ጫማዋን አውልቃ በጣቷ ቆማ ነው የምትራመድ። የሎከሯን በር ስትከፍት ጓጉንቸሩን በፎጣዋ ጠቅልላ ነው፣ ድምፅ እንዳይሰማ። ከዚያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ወደ ሰዓቷ ተከለች። እኛ እናወራለን፣ እንስቃለን፤ እሷ ሰዓቷን ታያለች።

«ቀን የምትናገር፣ ማታ የምትዘጋ!» አለች የደሴዋ። «ከባሕሩ ስትመለስ ምላሷን ማን ተቀበላት?»

አራት ሰዓት ላይ መብራቱ ጠፋ። ሌሊት በውኃ ድምፅ ነቃሁ። ከኮሪደሩ ጫፍ ውኃ ይወርዳል፤ በበሩ ሥር የመብራት ክር ይታያል፤ ከውኃው ጋር ዘፈን ይሰማል፣ ቃሉ የማይያዝ፣ ቀጭን። የእንግዳዋ አልጋ ባዶ ነው። ልክ ስድስት ሰዓት ነበር፤ የግድግዳው ሰዓት በጨለማ ይበራልና አየሁት። አማተብኩ። ተመልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እንቅልፌ ከባድ ነው።

ጠዋት የደሴዋ ሴትዮ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ውኃውን ሰሙ እማማ?»

«ሰማሁ።»

«ከውኃው በኋላ ያለውንስ?»

«ተኛሁ እኮ!»

«እርስዎ እንደ ድንጋይ ነው የሚተኙ! ነጭ ለብሳ መጥታ ሎከሮቹ ፊት ቆመች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን ጓጉንቸር ትነካለች። ቅጭል… ቅጭል… ቁልፍ ታስገባለች፣ አይከፍትላትም፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።»

«ፊቷን አየሽው?»

«ማን ቀና ይላል እቴ! ብርድ ልብሱን ነክሼ ነው ያደርኩት።»

እንግዳዋ ከኛ ቀድማ፣ ገና ሳይነጋ ወጥታለች። ወፍ በጠዋት ነው የሚቆጠር መሰለኝ። ነጭ ፎጣዋ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ውኃው ይንጠባጠባል። እኔም ተነስቼ የቀሚሴ እጅጌ ረጥቦ አገኘሁት። የጤዛ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቤት ውስጥ ጤዛ ከየት ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሁለተኛው ሌሊትም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ቀን ጨዋታዋ ያማረ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ዲዳ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ውኃ፣ ዘፈን፣ ከዚያ ጓጉንቸሮቹ አንድ በአንድ። እኔ ውኃውን እሰማለሁ፣ ጓጉንቸሩን አንድም ቀን አልሰማሁም። የእጅጌዬ እርጥበት ግን አልቀረም።

በአራተኛው ቀን ሴቶቹ ተሰብስበው አስተዳዳሪዋን ያዟት። «ወይ እሷ ወይ እኛ! ዛሬ ማታ እዚህ ካደረች ሁላችንም ጓዛችንን ይዘን እንወጣለን» አለች የደሴዋ።

«የት ትሂድ? የግሸን መንገደኛ መጥቶ ከተማው ውስጥ አንድ አልጋ የለም። ቆጠራዋን ለመጨረስ ደግሞ አራት ቀን ቀርቷታል።»

«ወደ ወጣችበት ባሕር ትመለስ!»

አስተዳዳሪዋ «እሺ፣ ስትመጣ እነግራታለሁ» አለች። 

ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ስጠርግ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ፊደሉ ለእኔ ጉንዳን ነው፣ በግራም በቀኝም። ከጉንዳኑ መካከል ግን የማውቃቸው ነበሩ፦ በግራ 4፣ 12፣ 4። በቀኝም 4፣ 12፣ 4። አስተዳዳሪዋን ጠራኋት።

«ይቺ አራትና ያችኛዋ አራት አንድ ናቸው?»

«አዎ እማማ፣ ያው ደንብ ነው። ቃሉን ለወጥኩ እንጂ ቁጥር ምን ይለወጣል?»

ልጄ ዓረብ አገር ሳለች ስልክ ስትደውልልኝ «እማ፣ እዚህ አራት ሰዓት ሆኗል» ትለኝ ነበር። እኔ ዘንድ አሥር ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ ያዘቀዘቀች። «ስንት ፀሐይ አለ እናንተ ዘንድ?» ስላት ትስቅብኛለች። ይህን ለአስተዳዳሪዋ ነገርኳት። መጥረጊያውን አስደግፌ «የእሷ አራት የእኛ አሥር አይደለም እንዴ? የእሷ አሥራ ሁለትስ እኩለ ሌሊት አይደለም?» አልኳት።

ወረቀቱን አየች። ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ ወሰደች። ከዚያ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች።

«ወይኔ! በገዛ እጄ አፏን ዘጋሁት!»

ለካ እንግዳዋ ደንብ አክባሪ ናት። ከቀኑ አሥር እስከ እኩለ ሌሊት ጸጥታ ነው ብላ አፏን ትይዛለች፤ በጸጥታ ሰዓት መታጠብ ክልክል ነውና እስኪያልፍ ሰዓቷን ትጠብቃለች፤ እኛ መብራት የምናጠፋው ደክሞን፣ ደንቡ የሚያዘው ግን ሊነጋጋ ሲል መስሏት በስድስት ሰዓት አብርታ ትታጠባለች።

ስትመለስ፣ ጣቷ ከንፈሯ ላይ ሳለ፣ አስተዳዳሪዋ ይዛ ወረቀቱ ፊት አቆመቻት። ቁጥሩን እየነካች በምታውቃት እንግሊዝኛ አስረዳቻት። እንግዳዋ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኛን አየች። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ማታ ድምፅዋን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው። «እናንተ ስታወሩ፣ ቤታችሁ ነው አልኩ፤ እንግዳዋ እኔ ነኝ አልኩ» አለች፤ አስተዳዳሪዋ ናት የተረጎመችልን።

የደሴዋ ግን አልሳቀችም። «ዝምታውስ ይሁን፣ ውኃውም ይሁን። ጓጉንቸሩስ?»

ተጠየቀች። ሳቋ ቆመ። ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው፤ እኔ ላይ ትንሽ ቆየች መሰለኝ። «ውኃ ብቻ» አለች፣ ራሷን እየነቀነቀች። 

ማንም አላመናት። እኔም ጭምር። በዚያ ሌሊት ውኃ አልወረደም፣ መብራትም አልበራ። ጠዋት ግን የደሴዋ «ዛሬም ነካካቻቸው!» ብላ ጮኸች። እንግዳዋ ዕቃዋን ሸክፋ ነበር። አስተዳዳሪዋን ደጅ ወስዳ ጥቂት አነጋገረቻት። ከዚያ መጥታ የራሷን ጓጉንቸር ከነቁልፉ መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አጠፈቻቸው። እጇ ሙቅ ነበር። ቆጠራዋን ሳትጨርስ በደሴ ሚኒባስ ሄደች።

እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ነኝ ብዬ ሴቶቹን መከርኩ፦ «ተዉ፣ ልጅ ናት፣ ይቅር በሏት።» ጓጉንቸሩን የሰጠችኝ ተጸጽታ መስሎኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ካቻምና በሐይቅ ሳልፍ አስተዳዳሪዋን አገኘኋት፤ ሆስቴሉን ለሌላ ሰው አስረክባ ልትሄድ ነው። ወረቀቱ በሩ ላይ አለ፣ በቀኝ በኩል ቁጥሩ በቀይ ታርሞ። ወፍ ቆጣሪዋን እንግዳ አነሳን። «እግዜር ይቅር ይበላት» አልኩ።

«እማማ» አለችኝ፣ «አሁን ብነግርዎ አይከፋም። ስትሄድ ‹አትንገሪያቸው፣ አሮጊቷን ያስወጧታል› አለችኝ። ጓጉንቸሮቹን ሲነካኩ የነበሩት እርስዎ ነዎት። በእንቅልፍዎ። ዓይንዎ ተከፍቶ፣ ነጠላዎን ተከናንበው፣ ያንን የአንገትዎን ቁልፍ በየሎከሩ እየሞከሩ። ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ አገኘችዎት፤ ያን ሁሉ ሌሊት በእርጥብ እጇ እጅጌዎን ይዛ አልጋዎ ላይ የምትመልስዎት እሷ ነበረች።»